ቻቱ ተዘጋ፣ ካሹ ጸዳ፣ ኤሴዩስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በሚከፈትበት ሰሞን ይህ ጥያቄ ይበዛል። ሰው ቻትጂፒቲ ላይ ቁጭ ብሎ ኤሴዩን እያሻሻለ ግማሽ ያደርሳል። ከዚያ መብራት ይሄዳል፣ ወይ ታቡን በስህተት ይዘጋዋል፣ ወይ ደግሞ ገጹ ሲንቀራፈፍበት አንዱ «ካሽ አጽዳ» ይለዋል። ተመልሶ ሲገባ ምንም የለም። ብዙ ጊዜ ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጠፋው ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው። አንዳንዴ ግን የምር ይጠፋል። ሁለቱን መለየት ነው ዋናው ጉዳይ።

አሁኑኑ ተዘጋብኝ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት `Ctrl+Shift+T` ተጫኑ። መጨረሻ የተዘጋውን ታብ መልሶ ይከፍተዋል። ደጋግማችሁ ከተጫናችሁት ከዚያ በፊት የተዘጉትንም በቅደም ተከተል ያመጣቸዋል። ማክ ላይ `Cmd+Shift+T` ነው። ስልክ ላይ ክሮም ከሆነ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ `Recent tabs` ውስጥ ግቡ።

ካሽ አጽድታችሁ ታቡ ግን ገና ክፍት ከሆነ ደግሞ ሪፍሬሽ እንዳታደርጉ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ አሁንም ሚሞሪ ውስጥ አለ። ሁሉንም ምረጡና ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። ቅርጹ ቢበላሽ ግድ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቸኩለው፤ «እስቲ ልየው» ብሎ ገጹን ያድሰዋል፣ ያኔ እጁ ላይ የነበረውም ይሄዳል።

ካሽ ካጸዳሁ ጽሑፉ ጠፋ ማለት ነው?

የሚወሰነው ጽሑፉ የት እንደነበረ ነው። ሦስት ቦታ ሊሆን ይችላል።

አንደኛው ቻትጂፒቲ ዘንድ፣ አካውንታችሁ ውስጥ ነው። ልካችሁት የነበረ ማንኛውም መልእክትና የመጣላችሁ መልስ እዚያ ይቀመጣል። ይህንን ብራውዘራችሁ አይነካውም። ካሽ ብታጸዱ፣ ብራውዘሩን አጥፍታችሁ እንደገና ብትጭኑ፣ ላፕቶፑ ራሱ ቢሰረቅ ቻቱ እዚያው ነው።

ሁለተኛው ብራውዘሩ ውስጥ፣ ድረ ገጹ ለራሱ የሚያስቀምጠው ማስታወሻ ነው። አንዳንድ ገጾች እየጻፋችሁ ያላችሁትን ያልተላከ ነገር እዚያ ያስቀምጡታል። ሦስተኛው ስክሪኑ ላይ ብቻ ያለ ነው። ታቡ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

የክሮምን የማጽጃ መስኮት በ`Ctrl+Shift+Delete` ስትከፍቱ የተለያዩ ነገሮች ተደርድረው ታያላችሁ። `Cached images and files` የሚለው ሥዕሎችንና የገጹን ፋይሎች ብቻ ነው የሚያጠፋው። እሱን ብቻ ከመረጣችሁ ከአካውንታችሁም አትወጡም። `Cookies and other site data` የሚለው ግን ከየድረ ገጹ ያስወጣችኋል፣ ሁለተኛው ቦታ ላይ የነበረውንም ይጠርገዋል። ሰው «ካሽ አጸዳሁ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ነው ያጸዳው፣ ምክንያቱም ሁለቱም ምልክት ተደርጎባቸው ነው የሚጠብቁት።

ተመልሼ ገባሁ፣ ግን በጎን ያለው የቻት ዝርዝር ባዶ ነው። የት ሄደ?

ከሁሉም በላይ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ስለዚህ አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ ልንገራችሁ።

አንዲት ልጅ ለማስተርስ ስኮላርሺፕ 500 ቃል ኤሴይ እየጻፈች ነበር። ሦስት አንቀጽ ጨርሳ፣ እያንዳንዱን ልካ አስተያየት ተቀብላበታለች። አራተኛውን እየጻፈች ሳለ ገጹ መንቀራፈፍ ጀመረ። ቻት በጣም ሲረዝም ይህ ያጋጥማል፣ የኢንተርኔቱ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ወንድሟ «ካሹን አጽጂው» አላት። ሁሉንም መርጣ አጸዳችው። ገጹን እንደገና ስትከፍተው `Log in` አላት። በጉግል ልግባ ስትል ሁለት ኢሜይል ቀረበላት፤ አንዱ የራሷ፣ አንዱ የመሥሪያ ቤት። ከላይ ያለውን ነካች። ገባች። ዝርዝሩ ባዶ።

ነገሩ ግልጽ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ሌላ አካውንት ነው። በዚያ ኢሜይል ከዚህ በፊት ገብታ ስለማታውቅ አዲስ ነው የተከፈተላት። ኩኪው እስካለ ድረስ በየትኛው ኢሜይል እንደገባች ማስታወስ አላስፈለጋትም ነበር፤ ብራውዘሩ ያስታውስላት ነበር። ኩኪው ሲጠፋ ማስታወሱ እሷ ላይ ወደቀ።

ይህን ለማወቅ ስማችሁ ወይም ፎቷችሁ ያለበትን ጥግ ንኩና የትኛው ኢሜይል እንደሆነ አንብቡ። የማትጠብቁት ከሆነ ውጡና በሌላው ግቡ። ስንት ኢሜይል እንዳላችሁ ካላስታወሳችሁ በየኢሜይሉ ሳጥን ውስጥ `OpenAI` ብላችሁ ፈልጉ። አካውንት ስትከፍቱ የመጣ መልእክት ያለበት እሱ ነው። በስልክ ቁጥር ወይም በአፕል ገብታችሁ ከነበረም እሱን ሞክሩ፤ በዚያ የተከፈተው የራሱ አካውንት ሊሆን ይችላል።

ሌላ የሚያታልል ነገር አለ። ቻትጂፒቲ ሳትገቡም ይሠራል። ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ገጹ እንደወትሮው ከተከፈተላችሁ የገባችሁ ሊመስላችሁ ይችላል። ጥግ ላይ `Log in` የሚል ቁልፍ ካያችሁ አልገባችሁም ማለት ነው፤ ዝርዝሩም ባዶ መሆኑ አይግረማችሁ።

ልጅቷ በራሷ ኢሜይል ስትገባ ቻቱ ዝርዝሩ አናት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሦስቱ አንቀጾች ሙሉ ናቸው። አራተኛው የለም። ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እመጣበታለሁ።

አካውንቱ ትክክለኛው ነው፣ ሌሎች ቻቶችም አሉ፣ የእኔው ብቻ የለም።

በመጀመሪያ ርዕሱን አትመኑት። ቻቱ ስሙን የሚያገኘው በአብዛኛው ከመጀመሪያው መልእክታችሁ ነው። «ሰላም፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» ብላችሁ ጀምራችሁ ከሆነ ርዕሱ ስለ ኤሴይ ምንም ላያወራ ይችላል።

መፈለጊያውን ተጠቀሙ። `Search chats` ይላል፣ ኮምፒውተር ላይ `Ctrl+K` ይከፍተዋል። ኤሴዩ ውስጥ እንዳለ እርግጠኛ የሆናችሁበትን ለየት ያለ ቃል አስገቡ፤ የትምህርት ቤታችሁን ስም፣ የወንዝ ስም፣ ማንም የማይጠቀመውን ቃል። በአማርኛ የጻፋችሁ ከሆነ ፊደሉን ልብ በሉ። «ጽሑፍ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ፅሁፍ» ተብሎ የተጻፈውን አያመጣላችሁም። እኛ አንድ አድርገን እናነበዋለን፣ ኮምፒውተሩ ግን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ያለበትን ቃል ስትፈልጉ ሁሉንም አጻጻፍ ሞክሩ፣ ወይም እነዚህ ፊደላት የሌሉበትን ቃል ምረጡ።

ካልተገኘ አርካይቭ አድርጋችሁት ይሆናል። ስልክ ላይ ጣት ሲስት ይህ ቀላል ነው። `Settings` ውስጥ ገብታችሁ `Data controls`፣ ከዚያ `Archived chats` የሚለውን ክፈቱ። እዚያ ካለ ወደ ዝርዝሩ መመለስ ይቻላል። ፕሮጀክት የሚባለው ፎልደር ውስጥ አስገብታችሁት ከሆነም ዋናው ዝርዝር ላይ ላይታይ ስለሚችል ፎልደሩን ክፈቱት።

የብራውዘሩን ሂስትሪ ካላጠፋችሁ ደግሞ `Ctrl+H` ብላችሁ `chatgpt.com/c/` ብላችሁ ፈልጉ። እያንዳንዱ የተቀመጠ ቻት እንዲህ የሚጀምር የራሱ አድራሻ አለው። አድራሻውን ነክታችሁ ከተከፈተ አገኛችሁት። ክሮም ሂስትሪን የሚያቆየው ለ90 ቀን ያህል ነው፣ ከዚያ ያለፈ ከሆነ አትድከሙ።

`Delete` ብላችሁት ከሆነስ? እሱ ሌላ ነው። የተሰረዘ ቻት ወዲያው ከዝርዝሩ ይጠፋል፣ በ30 ቀን ውስጥ ከነሱም ዘንድ እንዲሰረዝ ይያዛል። መመለሻ ቁልፍ የለውም። «30 ቀን አለኝ» ብሎ ተስፋ ማድረግ አያዋጣም፤ ያ ቀን ለእናንተ የተሰጠ የመመለሻ ጊዜ አይደለም።

`Temporary chat` ላይ ነበርኩ፤ ወይም ጭራሽ ሳልገባ ነበር የምጽፈው።

ይህኛው ከባድ ነው። ሁለቱም ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። ታቡ ከተዘጋ በኋላ አካውንታችሁ ውስጥ ብትፈልጉት አይገኝም፣ ምክንያቱም መጀመሪያውንም እዚያ አልገባም። `Ctrl+Shift+T` ገጹን ይከፍትላችኋል፣ ግን አዲስና ባዶ ሆኖ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ አታባክኑ፤ ኮፒ ያደረጋችሁት ነገር ካለ እሱን ፈልጉ።

ኢንኮግኒቶ ግን ከዚህ ጋር አይምታታባችሁ። ኢንኮግኒቶ መስኮት ከፍታችሁ በአካውንታችሁ ከገባችሁ ቻቱ እንደማንኛውም ቻት አካውንታችሁ ውስጥ ይቀመጣል። ኢንኮግኒቶ የሚረሳው ብራውዘሩ እንጂ አካውንቱ አይደለም።

ጽፌው ነበር ግን ሳልልከው ነው የተዘጋው። ይመለሳል?

አሁን ወደ አራተኛው አንቀጽ እንምጣ። ልጅቷ አራተኛውን አንቀጽ መጻፊያ ሳጥኑ ውስጥ እየጻፈች ነበር፣ አልላከችውም። ያልተላከ ነገር አካውንቱ ውስጥ አይገባም። ብራውዘሩ ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን እንኳ ኩኪና ሳይት ዳታ ስታጸዳ አብሮ ሄዷል።

«ታቡን መልሼ ስከፍት ሌላ ድረ ገጽ ላይ የሞላሁት ፎርም ተመልሶልኝ ነበር እኮ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ብራውዘሮች የተዘጋ ታብ ሲመልሱ ተራ የፎርም ሳጥኖችን ከነጽሑፋቸው ይመልሳሉ። ፋየርፎክስ በተለይ በዚህ ጎበዝ ነው። የቻት መጻፊያዎች ግን ብዙ ጊዜ ተራ ሳጥን አይደሉም፤ ገጹ ራሱ የሠራቸው ማረሚያዎች ናቸው፣ ብራውዘሩም እንደ ፎርም አይቆጥራቸውም። ባዶ ሆነው የሚመለሱት ለዚህ ነው። ገጹ ራሱ ካላስቀመጠው የሚያስቀምጠው የለም።

የሚቀረው ክሊፕቦርድ ነው። ዊንዶውስ ላይ `Win+V` ተጫኑ። የክሊፕቦርድ ታሪክ በርቶ ከነበረ መጨረሻ ኮፒ ወይም ከት ያደረጋችኋቸውን እስከ 25 ነገሮች ይዘረዝርላችኋል። `Turn on` የሚል ብቻ ከመጣ አልበራም ነበር፤ አሁን ብታበሩት ያለፈውን አያመጣም። ኮምፒውተሩን ሪስታርት ካደረጋችሁም ፒን ካልተደረገው በስተቀር ይጠፋል። ስለዚህ ይህን ሳታዩ ሪስታርት አታድርጉ። አንድሮይድ ላይ ጂቦርድ የምትጠቀሙ ከሆነ ኪቦርዱ ላይ ያለችውን የክሊፕቦርድ ምልክት ንኩ። እሱ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚያቆየው፣ ፍጠኑ።

ልጅቷ `Win+V` ስትል የአራተኛው አንቀጽ የመጀመሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ወጣላት። ለካ እየጻፈች ሳለ ከታች ቆርጣ ወደ ላይ አዛውራቸው ነበር። ከት ማድረግም ኮፒ ስለሆነ ተመዝግቦላታል። ቀሪውን እንደገና ጻፈችው።

በነገራችን ላይ ረቂቁን ቴሌግራም ላይ ለጓደኛ ልትልኩ ጀምራችሁ ሳትልኩት ከተዋችሁት እሱን እዩት። ቴሌግራም ተራ ቻት ላይ ያልተላከውን ጽሑፍ `Draft` ብሎ አካውንታችሁ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሌላ ስልክ ላይ ብትከፍቱት እንኳ ይመጣል። ሲክሬት ቻት ላይ ግን ይህ አይሠራም።

ቻቱን አገኘሁት፣ ግን ውስጡ ያለው የድሮው ስሪት ነው። ያሻሻልኩት የት ገባ?

መልእክታችሁን ኤዲት አድርጋችሁ ከነበረ ቻቱ ለሁለት ይከፈላል። አዲሱ ስሪት ከነመልሱ በአንድ መስመር ይሄዳል፣ የድሮው ከነመልሱ በሌላው። ከተስተካከለው መልእክት ሥር `< 2/2 >` የምትል ትንሽ ነገር ታያላችሁ። ቀስቶቹን ስትነኩ በስሪቶቹ መካከል ትመላለሳላችሁ። ኮምፒውተር ላይ ማውሱን መልእክቱ ላይ ካላደረጋችሁት ላትታይ ስለምትችል ሰው አያስተውላትም። ከላይ ጀምራችሁ እያንዳንዱን የራሳችሁን መልእክት ፈትሹ፣ ምክንያቱም ከላይ ያለው አንዱ ሲቀየር ከሥሩ ያለው ሁሉ ይቀየራል። ብዙ የ«ጠፋ» ኤሴይ እዚህ ቅርንጫፍ ውስጥ ነው የሚገኘው።

መልሱ እየተጻፈ ሳለ ገጹ ተዘግቶባችሁ ከሆነ ደግሞ ቻቱን ከፍታችሁ አንዴ ሪፍሬሽ አድርጉ። እዚህ ጋ ሪፍሬሽ ጉዳት የለውም፣ የተላከ ነገር ነውና። አንዳንዴ እናንተ ሳታዩት ተጽፎ ያለቀ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ አንዳንዴ ግማሽ ላይ ተቆርጦ።

ዳታዬን ኤክስፖርት ባደርግ ይገኛል?

አካውንቱ ውስጥ ካለ አዎ። በዓይን ማግኘት ሲያቅታችሁ ጥሩ መንገድ ነው። `Settings`፣ `Data controls`፣ `Export data`። ማውረጃ ሊንክ በኢሜይል ይመጣላችኋል። ሊንኩ የሚሠራው ለ24 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ኢሜይሉን አትርሱት። ዚፕ ፋይሉ ውስጥ `chat.html` የሚል ካገኛችሁ በብራውዘር ክፈቱትና `Ctrl+F` ብላችሁ ቃል ፈልጉ።

`conversations.json` የሚለውን በኖትፓድ ከፍታችሁ በአማርኛ ብትፈልጉ ግን ምንም ላይገኝ ይችላል። ፊደሎቻችን በኮድ ተጽፈው ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ «ሰላም» የሚለው እንዲህ ሆኖ ነው የሚታየው፦

```
\u1230\u120b\u121d
```

ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳታጠፉት፤ ጽሑፉ እዚያው አለ። በ`chat.html` በኩል እዩት። ያልተላከ፣ የተሰረዘ ወይም `Temporary chat` ላይ የነበረ ነገር ግን በኤክስፖርት አይመጣም።

ኢንተርኔት ካፌ ወይም የግቢ ላብራቶሪ ኮምፒውተር ላይ ነበርኩ።

በአካውንታችሁ ገብታችሁ ከነበረ ስልካችሁ ላይ ግቡና አንብቡት፣ አለቀ። ገና ከኮምፒውተሩ ፊት ካላችሁ ግን አታጥፉት። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ወደ ነበረበት የሚመልስ ፕሮግራም ይጭናሉ፤ ዲፕ ፍሪዝ የሚባለው የታወቀ ነው። ሪስታርት ከተደረገ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት ፋይል ሳይቀር ይሄዳል። ኃላፊውን ጠይቁት፣ አንዳንዴ የማይጸዳ ድራይቭ ይኖራል፤ እሱ ላይ አስቀምጣችሁት ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ስትወጡ ደግሞ ከአካውንታችሁ መውጣታችሁን አረጋግጡ፣ ቀጣዩ ሰው ኤሴያችሁን እንዳያነበው።

የጠፋ ፋይል መላሽ ሶፍትዌር ልግዛ? `ipconfig` የሚለውንስ ዘዴ ልሞክር?

ለዚህ ገንዘብ አታውጡ። የቻት ጽሑፍ እንደ ወርድ ፋይል ኮምፒውተራችሁ ላይ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ መላሹ የሚፈልገው ነገር ራሱ የለም። ቢኖር እንኳ የዛሬ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ኤስኤስዲ ናቸው፣ የተሰረዘውን ቦታ ቶሎ ያጸዱታል።

ይህቺን ትእዛዝ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ደግሞ ሞልተዋል፦

```
ipconfig /displaydns
```

የምታሳያችሁ ኮምፒውተሩ በቅርቡ የጠየቃቸውን የድረ ገጽ ስሞች ነው። ቻትጂፒቲን እንደከፈታችሁ ትነግራችሁ ይሆናል። እሱን እናንተም ታውቃላችሁ። የጻፋችሁት አንድም ፊደል እዚያ የለም።

ሁሉንም ሞከርኩ፣ የለም። ከዚህ በኋላስ?

ሌላ ቦታ ያረፈ ቁራጭ ፈልጉ። ለመምህር ወይም ለጓደኛ በኢሜይል የላካችሁት፣ ቴሌግራም `Saved Messages` ላይ የጣላችሁት፣ ስልክ ያነሳችሁት ስክሪንሾት። የስኮላርሺፑ ፖርታል ላይም ግቡ፤ `Save draft` ብላችሁ ከነበረ የድሮው ስሪት እዚያ ሊኖር ይችላል።

ከዚያ ዛሬውኑ ጻፉት፣ ነገ አትበሉ። ዓረፍተ ነገሮቹን ለማስታወስ አትታገሉ። መጀመሪያ የየአንቀጹን ሐሳብ በአንድ በአንድ መስመር አውጡ፣ ከዚያ የምታስታውሷቸውን ቁጥሮችና ስሞች ከሥሩ ጣሉ። ይህን ጉግል ዶክስ ላይ አድርጉት፣ እየጻፋችሁ ራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ `Version history` ውስጥም የቀደመውን ስሪት ታገኛላችሁ። አስተያየት ስትፈልጉ አንቀጹን ኮፒ አድርጋችሁ ወደ ቻቱ ውሰዱት፣ የተስተካከለውን መልሳችሁ ዶክሱ ላይ ለጥፉ።